በኢሮዶቭ መጽሐፍ ውስጥ የተገኘችው ወረቀት

አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛችውን ኢሮዶቭ ይዛ መጣች። የፊዚክስ ጥያቄዎች መጽሐፍ ነው፤ የሞስኮው ሚር አሳታሚ በእንግሊዝኛ ያወጣው። ገጾቹ መሃል ሦስት መስመር የእጅ ጽሑፍ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ነበረች።

«ጋሼ፣ ፊደሉ የእንግሊዝኛ ይመስላል፣ ቋንቋው ግን አልገባኝም። ይቺ እንኳ ማይም ትላለች» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ጽሑፉ ሩሲያኛ ነው። ሩሲያኛ በእጅ ተያይዞ ሲጻፍ «ት» የላቲኑን ኤም፣ «ኡ» ደግሞ ዋይን ይመስላል። እሷ «ማይም» ያለቻት ቃል «ቱት» ናት፤ «እዚህ» ማለት ነው። ለዚህ ነው ከመተርጎሜ በፊት ሁሉንም በሕትመት ፊደል የምገለብጠው። ፊደሉ ከተሳተ መዝገበ ቃላት አያድንም።

ተገልብጦ ሲያልቅ እንዲህ ይላል፦

«ቁልፉን ተረኛዋ ጋ ትቻለሁ፣ አትጠብቀኝ። መጽሐፉን ኩሽና ረስተኸው ነበር፣ ደብተርህም እዚህ ነው። ፈተናው ሰኔ 4፣ ጠዋት 3 ሰዓት።»

ተረኛዋ የተባለችው በሶቪየት ዶርሞች መግቢያ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ የምትቀበል ሠራተኛ ናት። ወረቀቱ ላይ ያለው «11.06፣ 9» ነው። ሩሲያውያን ቀኑን ከወሩ ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ ጁን 11 ነው፣ በእኛ ሰኔ 4። ዘጠኙንም እንዳለ ብተወው አንባቢ ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል።

ያስቸገረኝ ማን ለማን እንደጻፈው ነው። ሩሲያኛ በኃላፊ ጊዜ ግሥ መጨረሻ ላይ ጾታን ያሳያል። «ትቻለሁ» ያልኩት ግሥ በ«ላ» ስለሚያልቅ ጸሐፊዋ ሴት ናት። አማርኛው ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ መረጃው ከትርጉሙ ይጠፋል። «አትጠብቀኝ» ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ እዚያ ሩሲያኛው አይለይም፣ እኛ ግን «አትጠብቀኝ» ወይም «አትጠብቂኝ» ማለት ግድ ነው።

ተማሪዋ «ሁለት ሴት ጓደኛሞች ይሆናሉ» ብላ ነበር። መልሱ ቀጣዩ መስመር ላይ ተገኘ። «ረስተኸው» የሚለው ግሥ «ላ» የለውም፤ ተቀባዩ ወንድ ነው። የተጠራውም በ«አንተ» ነው፣ በ«እርስዎ» አይደለም፤ ስለዚህ ይቀራረባሉ። «መጽሐፉን» ባትል ኖሮ ያ ግሥ አይኖርም፣ እኔም በግምት እመርጥ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም አማራጭ ከሥር እጽፋለሁ።

ለተማሪዋ ሁለት ገጽ ሰጠኋት፦ አንዱ ግልባጩ፣ ሌላው ትርጉሙ። «ጸሐፊዋ ሴት ናት» የሚለውን ከትርጉሙ ሥር ማስታወሻ አድርጌ አስፍሬዋለሁ።

«ፍቅረኛሞች ነበሩ ማለት ነው?» አለች።

«ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቁልፍና አንድ ኩሽና ነው» አልኳት። «ዶርም ውስጥ ደግሞ ኩሽናው የሁሉም ነው።»