ቤቱ አንድ፣ ደመወዙ ለየቅል

አብረው ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች ወጪ ሲጋሩ ብዙ ጊዜ ጠቅላላውን በሰው ቁጥር ያካፍላሉ። ገቢያቸው ተቀራራቢ ከሆነ ይህ በቂ ነው። ገቢው ሲራራቅ ግን ሁሉም እኩል ብር ቢያወጡም የሚሰማቸው ሸክም እኩል አይሆንም። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚጋሩ ሦስት ሴቶች ይኑሩ። አንዷ ነርስ፣ አንዷ መምህርት፣ ሦስተኛዋ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። በየወሩ እጃቸው የሚገባው 12,000፣ 18,000 እና 30,000 ብር ሲሆን፣ የቤቱ የወር ወጪ ሁሉ ተደምሮ 30,000 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። ለሦስት እኩል ቢካፈል እያንዳንዷ 10,000 ትከፍላለች። ነርሷ ለትራንስፖርት፣ ለልብስና ለቤተሰብ የሚተርፋት 2,000 ብር ብቻ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን 20,000 ይተርፋታል።

ሁሉንም ወጪ በገቢ መጠን ማከፋፈልም ቢሆን ቅሬታ ያመጣል። ብዙ የምታገኘዋ የበላችውን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም ምሳ እንደምትከፍል ይሰማታል። ስለዚህ መጀመሪያ ደረሰኞቹን በሁለት ክምር መለየት ይሻላል። አንደኛው ማንም ተጠቀመ አልተጠቀመ የማይለወጥ ወጪ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ ኢንተርኔትና የጽዳት ሠራተኛ ክፍያ እዚህ ይገባሉ። ይህ በገቢ መጠን ይከፈላል። ሁለተኛው ከአጠቃቀም ጋር የሚሄደው አስቤዛ፣ መብራትና ውሃ ነው፤ ይህ እኩል ይካፈላል። በምሳሌው ኪራዩ 18,000፣ ኢንተርኔቱ 1,200፣ ጽዳቱ 1,800 ሆኖ አንደኛው ክምር 21,000 ብር ይመጣል። አስቤዛው 8,250፣ መብራቱ 500፣ ውሃው 250 ሆኖ ሁለተኛው 9,000 ይሆናል።

የሦስቱ ገቢ ድምር 60,000 ስለሆነ ድርሻቸው ከመቶ 20፣ 30 እና 50 ነው። በዚህ መሠረት 21,000ው ሲከፋፈል 4,200፣ 6,300 እና 10,500 ይደርሳቸዋል። ከሁለተኛው ክምር እያንዳንዷ 3,000 ስትጨምር የነርሷ ድርሻ 7,200፣ የመምህሯ 9,300፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ 13,500 ይሆናል። ለነርሷ አሁን 4,800 ብር ይተርፋታል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋም 16,500 ስለሚቀራት የምትጎዳ አይደለችም።

እዚህ ላይ ገቢ የሚባለው ምን እንደሆነ ካልተስማሙ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። የሚያዋጣው ግብር፣ የጡረታ መዋጮና ካለም የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ዕዳ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረውን መያዝ ነው፤ ይህን ገንዘብ ባለቤቱ ልጠቀምበት ቢልም አይችልም። ዕቁብ ግን አይቀነስም። ዕቁብ ተመልሶ የሚመጣ ቁጠባ ስለሆነ፣ ቢቀነስ ብዙ የሚቆጥብ ሰው ጥቂት የሚያገኝ መስሎ ይታያል። ገቢው በየወሩ ለሚለዋወጥ ሰው ያለፉት ሦስት ወራት አማካይ ይያዛል። ደመወዙን መናገር የሚከብደው ሰው ቢኖር ደግሞ የብሩን ቁጥር ትቶ በድርሻው መስማማት ይቻላል፤ ሁለት እጅ፣ ሦስት እጅ፣ አምስት እጅ ማለት በቂ ነው። ደመወዝ ሲጨምር አዲሱ ድርሻ ከሚቀጥለው ወር ይጀምራል እንጂ ወደ ኋላ አይቆጠርም።

ጭቅጭቁ በአብዛኛው የሚነሳው ከድርሻው ሳይሆን ከደረሰኙ ነው። ከሱፐርማርኬት የመጣ አንድ ደረሰኝ ላይ የጋራው ዘይትና ሳሙና ከአንዷ የግል ሻምፖ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ሻምፖው 400 ብር ተብሎ ቢጻፍና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ከታች ለብቻው ቢደመር፣ መቀነስ ያለበት 400 ሳይሆን 460 ብር ነው። 400 ብቻ የሚሰርዝ ሰው 60 ብሩን ሳያውቅ በሌሎቹ ላይ ይጭናል። በሌላ በኩል ታክስ የማይከፈልባቸው ዕቃዎች ስላሉ ከሁሉም ላይ በጅምላ 15 በመቶ መደመርም ስህተት ነው፤ ታክስ የተጣለበትና ያልተጣለበት ድምር ደረሰኙ ላይ ለየብቻ ሰፍሮ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚቀለው ግን ባንኮኒው ላይ የግሉን ከጋራው ለይቶ ሁለት ደረሰኝ መቀበል ነው።

ከጉሊት የሚገዛ ቲማቲምና ሽንኩርት ደረሰኝ የለውም። ለዚህ አንድ ደብተር ወጥ ቤት ተሰቅሎ ቀኑ፣ ዕቃው፣ ዋጋውና የከፈለችው ሰው በዕለቱ ይጻፋል። ሳምንት ቆይቶ ከትዝታ የሚጻፍ ዋጋ ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። በቴሌብር የተከፈለ ከሆነ የሚመጣው መልእክት ማስረጃ ይሆናል፤ ነገር ግን መልእክቱ ለማን ስንት እንደተላከ እንጂ ምን እንደተገዛ ስለማይናገር አጠገቡ አንድ ቃል መጻፍ አይቀርም። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝም በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ይደበዝዛል። በተቀበሉበት ቀን ፎቶ ማንሳት ይበጃል።

የደረሰኙ ቀንና ዕቃው ያገለገለበት ወር የማይገጥሙበት ጊዜም አለ። የካርድ ቆጣሪ ያለበት ቤት በወሩ ማብቂያ የተሞላ መብራት የሚያልቀው በሚቀጥለው ወር ነው። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ የቀረውን መመዝገብ ይገባል፤ አንዷ ቤቱን ስትለቅ ያልተጠቀመችበትን ክፍያ መልሳ የምታገኘው በዚህ ነው። ውሃው ተቃራኒ ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው ከተጠጣ በኋላ ነው። አዲስ የገባች ሴት ከእሷ በፊት የነበረውን ውሃ እንዳትከፍል፣ መመደብ ያለበት በተከፈለበት ቀን ሳይሆን ወረቀቱ ላይ በተጻፈው የአጠቃቀም ወር ነው።

የወሩ መዝጊያ አጭር ነው። በምሳሌው ነርሷ ለአስቤዛ 5,450 ከኪሷ አውጥታለች። መምህሯ ኢንተርኔቱን፣ መብራቱን፣ ውሃውንና የቀረውን አስቤዛ 2,800 ብር ጨምራ 4,750 ከፍላለች። የሒሳብ ሠራተኛዋ ኪራዩንና ጽዳቱን፣ ማለትም 19,800 ሸፍናለች። እያንዳንዷ ካለባት ድርሻ የከፈለችው ሲቀነስ ነርሷ 1,750፣ መምህሯ 4,550 ይቀርባቸዋል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ 6,300 ትቀበላለች። የሚሰጠው ድምርና የሚቀበለው ድምር እኩል ካልመጣ አንድ ደረሰኝ ተረስቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው፤ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ያንን መፈለግ ይቀድማል።

ይህ አሠራር የሚሰነጠቅበት ቦታም አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ትልቁንና የራሱ መታጠቢያ ያለውን ክፍል ከያዘች፣ ለክፍሉ የተስማሙበት ጭማሪ አስቀድሞ ከኪራዩ ላይ ወጥቶ በእሷ ላይ ይቆጠራል፤ የቀረው ብቻ በገቢ መጠን ይከፈላል። የከፋው ደግሞ ድርሻዋ ብቻዋን አንድ ስቱዲዮ ብትከራይ ከምታወጣው ሲበልጥ ነው። ያኔ አብሮ መኖሩ ለእሷ ኪሳራ ስለሚሆን መውጣቷ አይቀርም፤ እሷ ከወጣች ደግሞ ሁለቱ 18,000 ብር ኪራይ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ያለ ቤት ግማሹን ኪራይ እኩል፣ ግማሹን በገቢ ቢከፋፍል ድርሻዎቹ 4,800፣ 5,700 እና 7,500 ይሆናሉ። ነርሷ በገቢ መጠን ብቻ ቢሆን ከምትከፍለው 1,200 ብር ትጨምራለች፤ በእኩል ክፍፍል ትከፍለው ከነበረው ግን አሁንም 1,200 ታተርፋለች።