በካይሮ ዶሮዎች መካከል ክትባቱን ያመለጠው ቫይረስ

ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን በግብፅ መገኘቱ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 ነበር። በቀጣዩ ወር የታላቋ ካይሮ አካል በሆነው ቀልዩቢያ፣ በቤቷ ዶሮ ታረባ የነበረች አንዲት ሴት በበሽታው ሞተች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሟች እርሷ ነበረች። በቤት ጣሪያ ላይ ዶሮና እርግብ ማርባት በካይሮ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ቫይረሱ ወደ ሰው ለመድረስ ረጅም መንገድ አላስፈለገውም።

መንግሥት ዶሮዎችን ማስከተብ ጀመረ። በስፋት ከተሰጡት ክትባቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 በሜክሲኮ ከተገኘ የዶሮ ቫይረስ የተዘጋጀ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን በተከተቡ ዶሮዎች መካከል የተለወጡ ዝርያዎች ታዩ። ኢንፍሉዌንዛ ራሱን ሲያባዛ የቅጂ ስህተቱን አያርምም። አብዛኛው ስህተት ቫይረሱን ራሱን ይጎዳዋል። ስህተቱ የሰውነት መከላከያ በሚለይበት የውጭ ፕሮቲን ላይ ሲደርስ ግን ቫይረሱን ያስመልጠዋል። ክትባቱ በከፊል ብቻ በሚከላከልበት መንጋ ውስጥ ደግሞ የሚተርፈው ይኸው ያመለጠው ነው። የሰው ጉንፋን ክትባት በየዓመቱ የሚከለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለውጡ የሚታወቀው ቀላል በሚመስል ምርመራ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጣብቃል። ከተከተበ እንስሳ የተወሰደ የደም ውኃ ከቫይረሱ ጋር ሲቀላቀል መጣበቁን ከከለከለ ክትባቱ ቫይረሱን ያውቀዋል። የደም ውኃው ብዙ ሳይቀጥን መከልከሉን ካቆመ ግን ቫይረሱ ርቋል ማለት ነው።

ይህ አዝጋሚ ለውጥ ነው። ድንገተኛው ለውጥ በሌላ መንገድ ይመጣል። የኢንፍሉዌንዛ ዘረ መል በስምንት ቁራጮች የተከፈለ ነው። ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቻቸው ሊደባለቁ ይችላሉ፤ ከዚህም ብዙ ሰው መከላከያ የሌለው ፍጹም አዲስ ቫይረስ ሊወለድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለምን ያዳረሰው ኤች1ኤን1 ከአሳማ፣ ከወፍና ከሰው ቫይረሶች የመጡ ቁራጮችን የያዘ ነበር። በዚያ ዓመት በግብፅ 300,000 ገደማ አሳማዎች እንዲታረዱ ታዘዘ፤ ይህም በካይሮ ቆሻሻ ሰብስበው የሚኖሩትን አሳማ አርቢዎች ክፉኛ ጎዳ። ድብልቁ ግን ቀደም ብሎ በሌላ አህጉር ተፈጥሮ ከሰው ወደ ሰው መዛመት ጀምሮ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ በግብፅ የተመዘገበው የመጀመሪያ ታማሚም ከአሜሪካ በአውሮፕላን የመጣ ሰው ነበር።

ኤች5ኤን1 በግብፅ 359 ሰዎችን ይዞ 120 መግደሉ በዓለም ጤና ድርጅት ተመዝግቧል። ከነዚህ አብዛኞቹ ከዶሮ ጋር ንክኪ የነበራቸው ሲሆኑ፣ ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው ያለማቋረጥ መዛመትን አልቻለም። ከ2011 ወዲህ ኤች9ኤን2 የተባለ ሌላ የወፍ ቫይረስ በግብፅ ዶሮዎች መካከል ይገኛል። በጊዛ፣ ዶቂ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከሕያው ዶሮ ገበያዎች ናሙና ሲመረምሩ የሁለቱ ቫይረሶች ቁራጮች በአንድነት መገኘታቸውን የሚከታተሉት ለዚህ ነው።