የአሥር ደቂቃ ገለጻ ከየት ይጀምራል?

በአሜሪካ በርካታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከመመረቁ በፊት በመረጠው ጉዳይ ላይ ጥናት ያደርጋል፤ አንድ ተግባራዊ ሥራ ይሠራል፤ በመጨረሻም ዳኞች ፊት ቆሞ ያስረዳል። «ሲኒየር ፕሮጀክት» ይሉታል። እዚያ ልጅ የሚያስተምሩ ወገኖቻችን ስሙን የሚሰሙት ልጃቸው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ሊሆን ይችላል። ከገለጻው በፊት መምህሩ ተማሪውን ሁለት ነገር ሊጠይቀው ይችላል፦ የመክፈቻ አንቀጽና ቢጋር። ጊዜው እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ እኛ አሥር ደቂቃ እንበል።

አንዲት ተማሪ የትምህርት ቤቷን የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎች አጥንታለች እንበል። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይላል፦

«ውሃ ሕይወት ነው። ያለ ውሃ መኖር አይቻልም። ዛሬ ስለ ውሃ ብክነት አቀርብላችኋለሁ።»

ስህተት የለበትም። ችግሩ፣ ይህን አንቀጽ ምንም ጥናት ያላደረገ ሰው ሊጽፈው መቻሉ ነው። ዳኞቹ ተማሪዋ ምን እንደሠራች፣ ምን እንዳገኘች፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሰሙ አያውቁም። መክፈቻ ከርዕሱ ስፋት ሲነሳ እንዲህ ይሆናል፤ ተማሪዋ በእጇ ከለካችው ሲነሳ ግን መልኩ ይለወጣል፦

«በትምህርት ቤታችን ሦስት ቧንቧዎች ተዘግተውም ያንጠባጥባሉ። ከሥራቸው መለኪያ ኩባያ አስቀምጬ ለአሥር ደቂቃ ስጠብቅ፣ ከሦስቱ በድምሩ 450 ሚሊ ሊትር ውሃ አገኘሁ። በዚህ መጠን ከቀጠለ በቀን 65 ሊትር ያህል ይፈሳል። ያረጀ ጎሚኒ በመቀየር ብቻ ይህን ምን ያህል መቀነስ ይቻላል? ዛሬ እንዴት እንደለካሁ፣ ምን እንደጠገንኩና ሥራዬ የት ላይ እንደቆመ አሳያችኋለሁ።»

በአምስት ዓረፍተ ነገር የታየው ነገር፣ ልኩ፣ ትርጉሙ፣ ጥያቄውና የገለጻው መንገድ ተቀምጠዋል። ስሌቱንም ማንም ሊያጣራው ይችላል፦ በአሥር ደቂቃ 450 ሚሊ ሊትር ማለት በሰዓት 2.7 ሊትር ነው፤ በ24 ሰዓት ሲባዛ 64.8 ይመጣል። «በዚህ መጠን ከቀጠለ» የምትለው ሐረግ ደግሞ ትንሽ ትምሰል እንጂ፣ የተለካውን ከተገመተው የምትለየው እሷ ናት።

ቢጋሩ የሚወጣው ከዚሁ አንቀጽ ነው። ብዙ ተማሪዎች «መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ» ብለው ያስረክባሉ። ይህ የማንም ሥራ ቢጋር ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ መስመር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሲጻፍና ደቂቃው ሲመደብለት ግን ተማሪዋ የምትናገረው ነገር ያላት የት እንደሆነ ወዲያው ይታያል፦

1. ሦስት ቧንቧዎች በቀን 65 ሊትር ያህል ያፈሳሉ። (1 ደቂቃ)
2. እያንዳንዱን ቧንቧ በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ አማካዩን ወሰድኩ። (2 ደቂቃ)
3. መንስኤው ያረጀ ጎሚኒ መሆኑን ከጥገና ሠራተኛው ጋር ፈትተን አየን። (2 ደቂቃ)
4. ጎሚኒው ሲቀየር ሁለቱ ቆሙ፤ ሦስተኛው አሁንም በአሥር ደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ያንጠባጥባል። (3 ደቂቃ)
5. ሌሊት ስላልለካሁ የቀኑ ድምር ግምት ነው። (1 ደቂቃ)
6. ትምህርት ቤቱ በየወሩ አሥር ደቂቃ እንዲለካ ሐሳብ አቀርባለሁ። (1 ደቂቃ)

ትልቁ ጊዜ የተሰጠው ለአራተኛው ነው፤ የመክፈቻው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚያ ነውና። ከ450 ወደ 30 መውረዱ የሥራዋ ፍሬ ነው። አንዱ ቧንቧ አለመቆሙንም መደበቅ የለባትም፤ ዳኞች ይበልጥ የሚጠይቁት ስለዚያ ስለሚሆን፣ ቀድማ ምክንያቱን ብትመረምር ይጠቅማታል። አምስተኛውን መስመር ብትዘለው ደግሞ «ሌሊትስ ያው ነው ወይ? የውሃው ግፊት አይለወጥም?» የሚል ጥያቄ ሳትዘጋጅ ይደርስባታል።

ሁለቱ መስማማታቸውን ለማወቅ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት ይበቃል። መክፈቻው ቃል የገባውን የሚፈጽም መስመር ቢጋሩ ውስጥ ከሌለ፣ ወይ መስመሩ ይጨመር ወይ ቃሉ ይሰረዝ። ቢጋሩ ውስጥ ያለ፣ ግን ከመክፈቻው ጥያቄ ጋር የማይገናኝ ነገር ካለም ይውጣ። ተማሪዋ ስለ ዓለም የውሃ እጥረት ያነበበችው ሁሉ በዚህ መመዘኛ ይቀነሳል፤ ቦታው የጽሑፍ ጥናቷ ነው።

መክፈቻው ለመጨረሻ ጊዜ የሚጻፈው ቢጋሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። አንድ ደቂቃ ካለፈ ከፊት ያለው አጠቃላይ ነገር ይቆረጥ እንጂ ቁጥሩና ጥያቄው አይነኩ።