የሽልንግ ዋጋ ሲሮጥ፦ አንዲት ነጋዴ በሞያሌ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወዲህ ብር፣ ወዲያ ሽልንግ ይገበያዩባታል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ብር በጥቂት ቀናት ውስጥ ክፉኛ ወረደ። የሚከተለው ታሪክ ምናባዊ ነው፤ ቁጥሮቹም ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። ድርድሩ ግን እንዲህ ባለ ሰሞን እንዴት እንደሚካሄድ ያሳያል።

ነጋዴዋ ከኬንያ በኩል 1,000 ሳሙና ልትገዛ ነው። የአንዱ ዋጋ 100 ሽልንግ ስለሆነ 100,000 ሽልንግ ያስፈልጋታል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ምንዛሪ ከሚሠራው ወጣት ዘንድ ሄደች። ልትገዛ ይሁን ልትሸጥ አልነገረችውም።

«መቶ ሽልንግ ስንት ነው?»

«በ88 እገዛለሁ፣ በ90 እሸጣለሁ እትዬ።»

ሳሙናውን ሳትመርጥ መመንዘር አልፈለገችምና ተመልሳ ሄደች። 5 ሰዓት ላይ ስትመጣ ዋጋው ተቀይሮ ጠበቃት።

«በ86 እገዛለሁ፣ በ94 እሸጣለሁ።»

«ምነው ልጄ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ?»

«ሽልንግ እያለቀብኝ ነው። አሁን ለእርስዎ በ90 ብሸጥ፣ ማታ ራሴ በ95 ልገዛው እችላለሁ።»

የመንዛሪው ስጋት የሚታየው በመግዣውና በመሸጫው መካከል ባለው ልዩነት ነው። ጠዋት 2 ብር የነበረው አሁን 8 ብር ሆኗል። ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ እርግጠኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ወደዚያው ያንቀሳቅሳቸው ነበር። እሱ ግን በርካሽ ገዝቶ በውድ ለመሸጥ ሁለቱንም አራራቃቸው፤ አቅጣጫው ጠፍቶበታል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ለድርድር ቦታ አለ።

ነጋዴዋ ይህን ታውቃለች። «ግማሹን በ92 ስጠኝ፤ የቀረውን ከሰዓት እወስዳለሁ» አለችው። እሱም ጥቂት አንገራግሮ ተስማማ። ግማሹን ማቆየቷ ዋጋው ቢወርድ ይጠቅማታል፤ ቢወጣም የምትጎዳው በግማሹ ብቻ ነው። ብሩን ከመስጠቷ በፊት 50,000 ሽልንጉን ኖት በኖት እያገላበጠች ቆጠረች፤ ፈቃድ ከሌለው መንዛሪ ደረሰኝ አይገኝም፣ ግብይቱም ሕገወጥ ስለሆነ ሐሰተኛ ኖት ቢገኝ አቤት የሚባልበት የለም።

9 ሰዓት ላይ መሸጫው 97 ገባ። የመጀመሪያው ግማሽ 46,000፣ ሁለተኛው 48,500፣ በድምሩ 94,500 ብር አወጣች። ሁሉንም በ97 ብትመነዝር 97,000፣ ጠዋት ብትመነዝር ደግሞ 90,000 ታወጣ ነበር።

አሁን አንዱ ሳሙና 94 ብር ከ50 ሳንቲም ቆሟታል። በጠዋቱ ሒሳብ በ95 ብር ብትሸጠው አምስት ብር የምታተርፍ ይመስላት ነበር፤ በእጇ የሚቀረው ግን 50 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ለዚያውም የመኪና ሳይከፈል። ቀጣዩን ጭነት በ97 ልትመነዝር ከሆነ ደግሞ በ95 መሸጥ ካፒታሏን እየበሉ መነገድ ነው። ስለዚህ የሳሙናውን ዋጋ የምትተምነው በገዛችበት ሳይሆን በምትተካበት ምንዛሪ ነው።