ሠሪውና አረጋጋጩ ሁለት ሲሆኑ

ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የክፍል ኃላፊ የሚሆነው በጉብዝናው ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሹመቱ በኋላም የድሮ ሥራውን አልለቅ ሲል ነው። ለምሳሌ በአንድ አስመጪ ድርጅት አዲስ የተሾመች የሒሳብ ክፍል ኃላፊን እንውሰድ። ሦስት ሠራተኞች አሏት። ወር ሲያልቅ ሦስቱም በሰዓታቸው ወጥተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሷ የባንክ ስቴትመንት ደርድራ ታመሻለች። ለምን ብትባል፣ «አሳይቼ እስካሠራ እኔው እጨርሰዋለሁ፤ ደግሞ ይሳሳታሉ» ትላለች።

ያለችው ውሸት አይደለም። በመጀመሪያው ወር ማሳየት ከመሥራት ይረዝማል፣ ስህተትም አይቀርም። ነገር ግን የባንክ ማስታረቂያውን የሠራችውም ያረጋገጠችውም የፈረመችውም እሷው ናት። ደክሟት አንድ ቁጥር ብትስት ማን ይይዝላታል? በሒሳብ ሙያ ቼክ የሚያዘጋጅ ወይም ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ማስታረቂያ እንዳይሠራ፣ የተሠራውንም ሌላ ሰው እንዲያየው የሚደረገው ለዚሁ ነው። ብቻዋን ስትሠራ ጥራቱን የጠበቀች ይመስላታል፤ እኔ ግን ጥራቱ በጣም የሚጋለጠው ያኔ ነው እላለሁ።

ታዲያ ከየትኛው ሥራ ትጀምር? ብዙ ኃላፊዎች መጀመሪያ የሚሰጡት የማይወዱትን ወይም በደንብ የማያውቁትን ሥራ ነው። ኢንቴልን ለዓመታት የመራው አንድሪው ግሮቭ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥራ አመራር መጽሐፉ የመከረው ተቃራኒውን ነው፤ አብልጠህ የምታውቀውን ስጥ ይላል፤ ለመከታተል የሚቀልህ እሱ ስለሆነ። ለኃላፊዋ ይህ ማስታረቂያው ነው። ከባንኮቹም እንቅስቃሴ የማይበዛበትን አንዱን ብቻ መርጣ፣ ቼክ ለማታዘጋጀው ሠራተኛ ትሰጣለች።

«የዚህን ወር ማስታረቂያ ሥሪልኝ» ብሎ ወረቀቱን ማስረከብ ግን አይበቃም። ምን ሲሟላ ሥራው አለቀ እንደሚባል በግማሽ ገጽ መጻፍ አለበት፦ መነሻው ያለፈው ወር የታረቀ ቀሪ ይሁን፤ ያልተመነዘሩ ቼኮች በቁጥርና በቀን ይዘርዘሩ፤ ከሁለት ወር በላይ የቆየ ካለ ምክንያቱ ይጻፍበት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ልዩነት ካለ «ልዩ ልዩ» ተብሎ አይዘጋ። የመጨረሻዋ ነጥብ ከሁሉ ትበልጣለች፤ አብዛኛው ጣጣ የሚደበቀው እዚያ ነውና። ከዚያ ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ያልተጣጣሙት ነገሮች ተለይተው ሲወጡ፣ አንዴ አብረው ያዩታል። በዚያ ሰዓት ስህተት ቢገኝ ለማቃናት ብዙ አያስለፋም።

ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን ወር ሠርታ መጣች እንበል። የባንኩ ቀሪ 515,050 ብር ነው። ያልተመነዘሩ ቼኮች 40,000 ብር ሲቀነሱ፣ በመንገድ ላይ ያለ ገቢ 7,000 ብር ሲደመር 482,050 ይሆናል። በመዝገብ ያለው 482,570 ነው፤ የባንክ አገልግሎት ክፍያ 250 ሲቀነስ 482,320 ይቀራል። ልዩነቱ 270 ብር ነው፤ ልጅቷ ከየት እንደመጣ አላወቀችም።

ኃላፊዋ ቁጥሩን እንዳየች ገብቷታል። 270 ለ9 በትክክል ይካፈላል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለት አኃዝ ቦታ ሲለዋወጡ ነው። እዚህ ላይ እጇ ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል። በሁለት ደቂቃ አስተካክላ ብትፈርም ወሩ ይዘጋል፣ ልጅቷም ምንም ሳትማር በሚቀጥለው ወር ያንኑ ይዛ ትመጣለች። ጥቂት ወር እንዲህ ከሄደ፣ «ለማንኛውም እሳቸው ያስተካክሉታል» ብላ ሳታመሳክር ማቅረብ ትጀምራለች። ስለዚህ ኃላፊዋ ወረቀቱን መልሳ፣ «ለ9 አካፍዪውና የወሩን ክፍያዎች ከቫውቸሩ ጋር አመሳክሪ» ብትላት ይሻላል። ልጅቷ ስታመሳክር 5,630 ብር የተከፈለበት ቫውቸር በመዝገብ 5,360 ተብሎ መስፈሩን ታገኛለች።

ቁጥጥሩም እየላላ የሚሄደው በሥራው ውጤት ነው። መጀመሪያ ኃላፊዋ ዝርዝሩን በሙሉ ታያለች። አዲስ ዓይነት ስህተት መታየቱ ሲቀር ሁለቱን ቀሪዎች፣ የቆዩ ቼኮችንና ጥቂት ትልልቅ ክፍያዎችን ብቻ መርጣ ታመሳክራለች፤ የትኞቹን እንደምታይ ግን አስቀድማ አትናገርም። ማስተካከያ ምዝገባን ማጽደቅና ፊርማው ሁልጊዜ የሷ ናቸው።

አንድ ስህተት በተከታታይ ከተደገመ መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው ያ ግማሽ ገጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለኃላፊዋ ግልጽ ስለሆነ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ይገኝበታል። ጉድለቱ ተሞልቶም ካልተሻለ ያንን ባንክ ለሌላዋ ሠራተኛ ማዘዋወር ነው፤ መልሳ ራሷ ጠረጴዛ ላይ አታምጣው።