ፊደሉ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ለምን ይለወጣል?

የመጽሐፉ ሽፋን አልቆ በዲዛይነሯ ኮምፒውተር ላይ ይታያል። ርዕሱ በወፍራም የግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ ከሥሩም ለስላሳ ጥላ ወርዶለታል። የደራሲው ፎቶ ጠርዙ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ከጀርባው ቀለም ጋር ይዋሃዳል። ፋይሉ በቴሌግራም ወደ ማተሚያ ቤት ይላካል። እዚያ ሲከፈት ግን በርዕሱ ቦታ ላይ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ይወጣል። በአማርኛ የኅትመት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ይህን ሳያይ የቀረ አይመስልም።

ፒዲኤፍ ከተላከበት ኮምፒውተር ውጭም መልኩን ሳይለውጥ እንዲከፈት ታስቦ የተሠራ የፋይል ዓይነት ነው። ይህን የሚችለው ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ በውስጡ ሲይዝ ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የእያንዳንዱ ፊደል ቁጥርና የፎንቱ ስም ብቻ ከሆነ፣ የፊደሉን ቅርጽ ከሚከፍተው ኮምፒውተር ላይ መፈለግ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ፋይል ስንቁን ሳይዝ እንደወጣ መንገደኛ ነው፤ የሚደርስበት ቤት ካልቀለበው ይራባል። ዲዛይነሯ ስህተቱን ሳታይ የቀረችውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፎንቱ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ስለነበር ፋይሉ ባዶውን እንደሄደ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም።

ላቲን ፊደል የመምጣቱ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው ሦስተኛው ቅጽ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የፊደሉን ቅርጽ ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንዳንዶቹ ፊደሉ በአንድ ፎንት ውስጥ አልበቃ ሲላቸው ወደ ሁለትና ከዚያ በላይ ይከፋፍሉት ነበር። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ርዕስ ፎንቱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን በትክክል ያነበዋል፤ የሚያነበው ግን እንደ ላቲን ነው። በዩኒኮድ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሳጥን፣ ነጥብ ወይም የሌላ ፎንት ፊደል ይመጣል። ስለዚህ የብልሽቱ መልክ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ላቲን ከታየ የቆየ ፎንት አለ ማለት ነው፤ ሳጥን ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ በሁለቱም ግን ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አልተጓዘም።

መድኃኒቱ ፎንቱን በፒዲኤፉ ውስጥ መክተት ነው። እንደ ኢንዲዛይንና ኢለስትሬተር ያሉ ፕሮግራሞች ፋይሉን ሲያወጡ ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚከቱትም ሙሉውን ፎንት ሳይሆን በሥራው ላይ የዋሉትን ፊደላት ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ አርባ ዓይነት ፊደል ካለ የተከተተውም አርባ ብቻ ይሆናል። ፋይሉ ይቀላል፤ ሆኖም ማተሚያ ቤቱ በመጨረሻ ሰዓት በጽሑፉ ውስጥ የሌለ አንድ ፊደል ልጨምር ቢል አይችልም።

መከተቱን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። በአክሮባት ሪደር `Document Properties` ተከፍቶ `Fonts` የሚለው ገጽ ሲታይ ከእያንዳንዱ ፎንት ስም ጎን `Embedded` ወይም `Embedded Subset` የሚል ቃል መኖር አለበት። ቃሉ የሌለው ፎንት አልተከተተም። ትእዛዝ መጻፍ የለመደ ሰው ደግሞ ፖፕለር ከሚባለው ነፃ የሶፍትዌር ስብስብ ጋር የሚመጣውን ይህን መጠቀም ይችላል፦

```
pdffonts cover.pdf
```

በሚወጣው ሠንጠረዥ `emb` በሚለው ዓምድ ሥር `no` የሚል ካለ ፋይሉ ገና አልተዘጋጀም። ትእዛዝም ሆነ አክሮባት የሌለው ሰው ፋይሉን የአማርኛ ፎንቶቹ ያልተጫኑበት ስልክ ላይ ይክፈተው፤ የቆየ ፎንት ከጎደለ ወዲያውኑ ይታያል።

አንዳንድ ፎንት ግን አልከተትም ይላል። በፎንቱ ፋይል ውስጥ ሠሪው የፈቀደውን የሚገልጽ ምልክት አለ፤ መክተት ከተከለከለ ፕሮግራሙ ያስጠነቅቅና ፎንቱን ትቶ ፋይሉን ያወጣል። ማስጠንቀቂያው በችኮላ ሳይነበብ ከታለፈ ሽፋኑ የሚደርስበትን ከላይ አይተናል። ይህ ችግር እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ባሉ በክፍት ፈቃድ በተለቀቁ ፎንቶች አይገጥምም፤ ፈቃዳቸው በሰነድ ውስጥ መክተትን አይከለክልም።

ብዙ ማተሚያ ቤቶች ግን ክርክሩን ከሥሩ ለመቁረጥ ደንበኛውን “ከርቭ አድርገህ አምጣ” ይሉታል። ይህ ፊደሉን ወደ ሥዕል መስመር መቀየር ነው፤ በኢለስትሬተር `Create Outlines`፣ በኮረልድሮው `Convert to Curves` የሚለው ትእዛዝ ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ “ሀ” ፊደል መሆኑ ቀርቶ በጠርዝ መስመር የታጠረ ቅርጽ ይሆናል። ፎንት አያስፈልገውም፤ የትም ኮምፒውተር ላይ ያው ነው። ለአንድ ትልቅ ርዕስ፣ በተለይም መክተት በማይቻል ወይም በቆየ የግዕዝ ፎንት ለተጻፈ ርዕስ፣ ጥሩ መፍትሔ ነው።

ችግሩ የሚመጣው የመጽሐፉ የውስጥ ገጽ ሁሉ “ለማንኛውም” ተብሎ ከርቭ ሲደረግ ነው። ፎንት በውስጡ ፊደሉ በአነስተኛ ጥራት ሲታተም መስመሩ እንዳይወፍር የሚጠብቅ መመሪያ ሊይዝ ይችላል፤ ወደ ቅርጽ ሲቀየር ያ መመሪያ ይጠፋል። የማተሚያው ማሽን ቅርጹን ወደ ነጥቦች ሲለውጥ ጠርዙ የነካቸውን ነጥቦች ሁሉ ይሞላል፤ ፊደሉም ትንሽ ይወፍራል። በኦፍሴት ፕሌት ላይ፣ በኢንች ወደ 2400 ነጥብ በሚወጣበት ሥራ፣ ልዩነቱ በዓይን አይለይም። በ600 ነጥብ በሚሠራ ዲጂታል ማሽን ላይ ግን በ8 ነጥብ መጠን የተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ ሊደፈን ይችላል። የግዕዝ ፊደል ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል፤ የ“ሌ” ትንሽ ቀለበት ስትሞላ “ሊ” ትመስላለች፤ የ“ኘ” አናት መስመር ከአካሉ ጋር ሲጣበቅ ከ“ነ” መለየት ያስቸግራል። አንድ ገጽ ጽሑፍ ከርቭ ሲሆን ደግሞ የፊደል ግድፈት ማረም፣ ቃል መፈለግ፣ መስመር ማስተካከል አይቻልም። ለውስጥ ገጽ በትክክል የተከተተ ፎንት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መሄድ ሥራውን ያበላሻል።

ወደ ሽፋኑ ስንመለስ ርዕሱ ከርቭ ተደርጎ የላቲኑ ጉዳይ ተፈታ እንበል። የቀረው ጥላውና የፎቶው ጠርዝ ነው። ጥላ ማለት ከሥሩ ያለውን ቀለም በከፊል የሚያሳልፍ ግልጽ ቀለም ነው። የቆዩ የማተሚያ መሣሪያዎች የሚሠሩበት ፖስትስክሪፕት የሚባል ቋንቋ ስለ እንዲህ ያለ ግልጽነት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው አንዱ ቀለም ሌላውን ፈጽሞ መሸፈኑን ብቻ ነው። ፒዲኤፍ ራሱ ግልጽነትን መያዝ የጀመረው በ2001 በወጣው 1.4 በተባለ ቅጹ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ለቆየ መሣሪያ ሲላክ ግልጽ የሆኑት ነገሮች አስቀድመው መደርመስ አለባቸው። ፕሮግራሙ ጥላው የነካቸውን ቦታዎች ይቆራርጣል፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ የመጨረሻ ቀለም ያሰላል፤ ከፊሉን በመስመር፣ ከፊሉን በፎቶ መልክ መልሶ ይገጥመዋል።

ስሌቱ ጥሩ ሲሆን አንባቢ ምንም አያይም። ሲበላሽ ግን በጣም የታወቁ ሦስት ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያው በቁራጮቹ መካከል የሚታይ ቀጭን ነጭ መስመር ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የስክሪን ማታለል ብቻ ነው፤ ገጹ ሲጎላ መስመሩ እንደነበረው ቀጭን ሆኖ ከቀረ በወረቀት ላይ አይወጣም፤ አብሮ ከሰፋ ግን እውነተኛ ክፍተት ነው። ሁለተኛው በአንድ መስመር ላይ ካሉ ቃላት ጥላ የነካቸው ብቻ ወፍረው መታየታቸው ነው። ምክንያቱ ጽሑፉ ግልጽ ከሆነው ነገር ሥር መቀመጡ ነው፤ ጽሑፉን ከሁሉም በላይ ባለ ሌየር ላይ ማስቀመጥ ይህን አስቀድሞ ይከላከላል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም አስቸጋሪው፣ በጥቁር ቀለም ብቻ ሊታተም የነበረ ጽሑፍ በአራቱም ቀለም ተደባልቆ መውጣቱ ነው። ወረቀቱ በማሽኑ ላይ በጥቂቱ ሲንሸራተት ፊደሉ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያበጃል። ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ ግልጽነቱን ያሰላው በስክሪን ቀለም ሲሆን ነው። በኢንዲዛይን `Transparency Blend Space` የሚለውን `Document CMYK` ላይ ማድረግ ያስተካክለዋል።

የሽፋኑ መጠን እንዲህ ይሰላል። መጽሐፉ 148 በ210 ሚሊሜትር፣ ወገቡ 12 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የፊትና የኋላ ሽፋን ከወገቡ ጋር 308 በ210 ይሆናል። በአራቱም በኩል ለመቁረጫ 3 ሚሊሜትር ሲጨመር 314 በ216 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ለማተሚያ ቤቱ በሚቀርብ አንድ ጥያቄ ይወሰናል፤ ፕሌት የሚያወጣው ሶፍትዌር ግልጽነትን ይቀበላል ወይስ አይቀበልም? ከተቀበለ `PDF/X-4` ይመረጣል፤ ጥላው ሳይደረመስ ይሄድና መጨረሻ ላይ በማሽኑ ሙሉ ጥራት ይሰላል። ካልተቀበለ ወይም መልስ የሚሰጥ ካልተገኘ `PDF/X-1a:2001` ይሻላል፤ ይህ መለኪያ ፎንት እንዲከተት ያስገድዳል፤ ግልጽነትንም ስለማይፈቅድ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲያወጣ በራሱ ይደረምሰዋል። በዚህ ጊዜ የመደርመሻው ጥራት `High Resolution` ላይ መሆኑ መታየት አለበት። በዝቅተኛው ምርጫ የወጣ ርዕስ ጠርዙ መሰላል ይሠራል።

የዚህ ሽፋን ዲዛይነር ሁለት ፋይል ያስፈልጋታል። ርዕሱ ከርቭ የሆነበትና የተደረመሰው ለማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ጽሑፉም ጥላውም ሳይነካ የቀረው ዋናው ፋይል ከፎንቶቹ ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ እሷ ጋ ይቀመጣል። መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ዋጋው ይለወጣል፤ በጀርባ ሽፋኑ ላይም አዲስ አስተያየት ይጨመር ይሆናል። ከርቭ በሆነው ፋይል ላይ ከ“250 ብር” ወደ “400 ብር” ለመቀየር ያንኑ ፎንት ፈልጎ ቁጥሩን እንደገና መጻፍና በዓይን ከቦታው ማግጠም ያስፈልጋል። በዋናው ፋይል ላይ ቁጥሩ ተሰርዞ ሌላ ይጻፍበታል፤ ከዚያም ፋይሉ በዚያው ምርጫ እንደገና ይወጣል፤ የፎንቱ ዝርዝርም ከመላኩ በፊት እንደገና ይታያል።