ልባሽ ጫማ ከመግዛት በፊት ምን ይፈተሻል?

በገበያ ቀን በሸራ ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ልባሽ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ያብረቀርቃል። ከቦንዳው ከወጣ በኋላ ታጥቧል፤ ቀለም ተቀብቷል፤ የተላቀቀውም ጠርዝ በማስቲሽ ተጣብቋል። ጫማውን ለገበያ ማሰናዳት የሻጩ ሥራ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለውን መመርመር ደግሞ የገዢው ድርሻ ነው። ደረሰኝና የመመለስ ዋስትና በሌለበት ግብይት፣ ጉድለት የሚታወቅበት ጊዜ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

ፍተሻው ከሶሉ ቢጀመር ይመረጣል። ሁለቱም ጫማዎች በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከኋላ በኩል፣ ዝቅ ተብሎ ይታያሉ። ብዙ ሰው ሲራመድ መሬት የሚነካው በተረከዙ የውጭ ጠርዝ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል ትንሽ መበላት የተለመደ ነው። ጫማው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግን የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ቅርጹን ለውጦታል ማለት ነው። አዲሱ ባለቤትም በተዘነበለው ጫማ ረጅም መንገድ ሲሄድ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ሊታመሙ ይችላሉ። ከዚያ ጫማው ተገልብጦ፣ የእግር ጣቶች ሥር በሚያርፉበት ቦታ ያለው የሶሉ ጥርስ ይታያል። ጥርሱ ጠፍቶ ለስላሳ ከሆነ በክረምት ጭቃ ላይ ያንሸራትታል። ከታችኛው ንብርብር ሥር ሌላ ቀለም ያለው ንብርብር ብቅ ካለ ደግሞ ሶሉ አልቋል።

ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው ግን ያልተበላ ሶል ነው። በበርካታ የስፖርትና የተራራ ጫማዎች ላይ፣ በታችኛው ጎማና በላይኛው አካል መካከል ፖሊዩሬታን ከሚባል ቀላል ንጥረ ነገር የተሠራ ወፍራም ንብርብር አለ። ይህ ንጥረ ነገር ከአየር የሚያገኘው እርጥበት በዓመታት ውስጥ ከውስጥ እየሰባበረው ይሄዳል። ጫማው ባይደረግም፣ በካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም እንኳ እርጅናው አይቆምም። በመሆኑም አዲስ የሚመስል ጫማ ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል።

ይህን ለማወቅ የጫማው ጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጠበቅ ተደርጎ ይጫናል። ጤናማው ንብርብር ተጭኖ ወዲያው ይመለሳል። የጥፍሩ ምልክት ተቀርጾ ከቀረ፣ ዱቄት መሰል ነገር ከወጣ ወይም እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ መበስበስ ጀምሯል። በብዙ የስፖርት ጫማዎች ምላስ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ጨርቅ ላይ የተመረተበት ወርና ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ይገኛል። ጫማው አሥር ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ከሆነ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል። የፈረሰው ራሱ ንጥረ ነገሩ በመሆኑ ማስቲሽ የሚይዘው ጽኑ አካል አያገኝም፤ ስለዚህ በጥገና አይድንም።

ቀጥሎ የሚፈለገው የተሰወረ ስንጥቅ ነው። ጫማው ሰው ሲራመድ እንደሚታጠፈው፣ ጣቶች ሥር በሚያርፉበት ቦታ ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ የላይኛው ቆዳ የሚሸበሸብበት መስመርና ቆዳው ከሶሉ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በጥንቃቄ ይታያሉ። ሽብሽቡ ሲለቀቅ ከተስተካከለ የተለመደ ነው። ከሽብሽቡ ውስጥ የቆዳው ጭረት ወይም ከላይኛው የተለየ ቀለም ከታየ ግን ስንጥቅ አለ። የተወለወለ ጫማ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ በቀለም የተሞላውን ስንጥቅ ያጋልጣል። በጠርዙ ላይ የደረቀ ማስቲሽ ከታየም ቦታው ቀድሞ ተላቆ እንደነበር ያመለክታል። ጫማው ከጣቶቹ ሥር ሳይሆን ከመሀል ከታጠፈ ደግሞ የእግርን መሀል ደግፎ የሚይዘው የውስጥ ድጋፍ ተሰብሯል ወይም ላልቷል።

የውስጡ ጉዳት በዓይን ብቻ አይገኝም፤ እጅ እስከ ጫፉ ድረስ መግባት አለበት። የሚነሳ የውስጥ መርገጫ ካለ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው ይታያል። ብቅ ያለ ሚስማር፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ወይም ጥልቅ የጣት አሻራ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። የኋላው ግድግዳ በሁለት ጣት ሲጨመቅ ጠንከር ብሎ መመለስ አለበት። ተሰብሮ ከሆነ ይተጣጠፋል፤ ተረከዝንም አይዝም። በዚያ ቦታ ገበሩ ተቀዶ ከሆነ ጠንካራው ጠርዝ ቆዳ ይልጣል። ለረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ይህን ጉድለት እንደ ትንሽ ነገር ሊያልፈው አይገባም።

ሽታን በተመለከተ፣ ጫማው በነፋስ ላይ ተዘርግቶ ሲውል ጠረኑ ይቀንሳል። ስለዚህ እጅን ለጥቂት ጊዜ ውስጥ አቆይቶ ማሞቅና ከዚያ ማሽተት ይሻላል። የላብ ሽታ መርገጫውን በመቀየርና በማጠብ ሊቀንስ ይችላል። እንደ እርጥብ ምድር ቤት ያለ የሻጋታ ሽታ ግን ጫማው በእርጥበት መቆየቱን ይናገራል፤ በገበሩ ላይ ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ከታየበት መተው ነው። ኃይለኛ ሽቶም ሌላ ሽታን ለመሸፈን ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። የእግር ጣቶችን መሀል የሚያሳክክ ፈንገስ ግን ምንም ሽታ በሌለው ጫማ ውስጥም ሊኖር ይችላል። በመሆኑም የተገዛው ጫማ መርገጫው ተቀይሮ፣ ውስጡ ተጠርጎና በደንብ ደርቆ፣ በካልሲ ቢደረግ ይመረጣል። የቆዳ ጫማ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋለ ስለሚሰነጠቅ ነፋስ ባለበት ጥላ ይደርቃል።

ለአብነት አንድ አርሶ አደር ሁለት ጫማ ቀርቦለታል እንበል፤ ዋጋዎቹ ለማነጻጸሪያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያው ንጹሕ የስፖርት ጫማ በ800 ብር፣ ሁለተኛው ያረጀ የሚመስል የቆዳ ቡት ጫማ በ1 ሺህ ብር ነው። የስፖርት ጫማው ሶል ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ በጥፍር ሲጫን ዱቄት ወጣው። ቡቱ በተረከዙ በኩል ተበልቷል፤ ነገር ግን ቆዳው አልተሰነጠቀም፣ ሶሉ በክር የተሰፋ ነው፣ የኋላ ግድግዳውም ጽኑ ነው። ጫማ ሰፊው ታኮውን ለመቀየር 150 ብር ቢጠይቅ ጠቅላላ ወጪው 1 ሺህ 150 ብር ይሆናል። በ800 ብሩ ጫማ ግን ሶሉ ከፈረሰ በኋላ የሚጠገን ነገር አይኖርም። ስለዚህ ቡቱ ዋጋው ከፍ ቢልም የተሻለው ግዢ ነው። የተበላውን ታኮ ለሻጩ አሳይቶ የጥገናውን 150 ብር ከዋጋው ላይ እንዲቀንስ መደራደርም ይቻላል።

የመጨረሻው ፈተና ሁለቱንም ጫማ አድርጎ መራመድ ነው። ከቦንዳ የሚወጡ ጫማዎች አንዳንድ ጊዜ ቁጥራቸው የማይመሳሰል ጥንድ ሆነው ይገኛሉ፤ አንድ እግር ብቻ ለክቶ መክፈልም ለዚህ ያጋልጣል። እግር ከሰዓት በኋላ ጥቂት ስለሚያብጥ በዚያ ሰዓት መለካት ይመረጣል። በረጅሙ ጣትና በጫማው ጫፍ መካከልም የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት መኖር አለበት።